የታደሰ ስልክ ወይስ አዲስ?

የታደሰ ስልክ የሚባለው አንድ ሰው ከተጠቀመበት ወይም ገዝቶ ከመለሰው በኋላ ተፈትሾ፣ ተጠርጎ፣ የተበላሸ ነገር ካለውም ተጠግኖ እንደገና ለገበያ የሚቀርብ ቀፎ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ ከሚሸጠው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ በቀድሞው ባለቤትና በአዲሱ ገዢ መካከል ስልኩን የመረመረና ለምርመራው ኃላፊነት የወሰደ ሦስተኛ ወገን አለ። ይህ ወገን ጠንካራ ከሆነ የታደሰው ስልክ ከአዲሱ ብዙም የማይተናነስ ይሆናል። ደካማ ከሆነ ግን ገዢው ያገለገለ ስልክ በጥሩ ካርቶን ተጠቅልሎ ገዝቷል ማለት ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው የዋጋውን ልዩነት ከማየቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ስልኩን ማን እንዳደሰውና ችግር ቢፈጠር ማን እንደሚጠየቅ ነው።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ ገበያ ላይ ያሉት የታደሱ ስልኮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ አምራቹ ራሱ ያደሳቸው ናቸው። አፕል በራሱ የኢንተርኔት መደብር የሚሸጣቸው የታደሱ አይፎኖች አዲስ ባትሪና አዲስ የውጭ አካል ተገጥሞላቸው፣ ለአዲስ አይፎን የሚሰጠውን ያንኑ የአንድ ዓመት ዋስትና ይዘው ይመጣሉ። ሳምሰንግም በራሱ አድሶ የሚሸጣቸው ስልኮች የአንድ ዓመት ዋስትና አላቸው። የእነዚህ ችግር ምርጫቸው ውስን፣ የዋጋ ቅናሻቸውም ትንሽ መሆኑ ነው፤ አፕል ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው አሥራ አምስት በመቶ አካባቢ ነው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ከአምራቹ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ነጋዴዎች አድሰው እንደ አማዞን፣ ኢቤይና ባክ ማርኬት ባሉ ገበያዎች የሚሸጧቸው ናቸው። ቅናሹ የሚሰፋው እዚህ ነው። የጥራቱ መዋዠቅም እንዲሁ፤ ምክንያቱም በአንድ የገበያ ስም ሥር በመቶ የሚቆጠሩ የተለያዩ ነጋዴዎች ይሠራሉ።

አንድ አይፎን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ስልኩ እጅ ከገባ በኋላ በቀላሉ ማጣራት ይቻላል። Settings ውስጥ General፣ ከዚያ About ሲከፈት Model Number የሚል መስመር ይታያል። ቁጥሩ በM ከጀመረ ስልኩ ሲወጣ በአዲስነት የተሸጠ ነው፤ በF ከጀመረ አፕል ያደሰው ነው፤ በN ከጀመረ ደግሞ ለተበላሸ ስልክ በምትክነት የተሰጠ ነው። ነጋዴ ያደሰው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ M እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ M የሚለው ፊደል አጀማመሩን እንጂ አሁን ያለበትን ሁኔታ አይናገርም። «አፕል ያደሰው ነው» ተብሎ የተሸጠ ስልክ M ይዞ ከተገኘ ግን ሻጩን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለ።

ዋስትናን በተመለከተ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት ርዝመቱን ብቻ በማየታቸው ነው። የአምራች ዋስትና ማለት ስልኩ በራሱ ጉድለት ቢበላሽ አምራቹ ይጠግነዋል ወይም ይለውጠዋል ማለት ነው። በአሜሪካ አማዞን «ሪኒውድ» ብሎ ለሚሸጣቸው ስልኮች የሚሰጠው የ90 ቀን ዋስትና ግን በባሕርዩ ሌላ ነው፤ ስልኩ እንደተጠበቀው ካልሠራ ገዢው መልሶ ምትክ ወይም ገንዘቡን ያገኛል። «ሪኒውድ ፕሪሚየም» በሚባለው ከፍ ያለ ደረጃ ይህ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት ይረዝማል። ባክ ማርኬትም የአንድ ዓመት ዋስትናና የ30 ቀን መመለሻ ጊዜ ይሰጣል። ገንዘብ የመመለስ መብት ከጥገና የማይተናነስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ነው። ሆኖም ስልኩን ወደ ሻጩ መላክን ይጠይቃል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚኖር ገዢ ነገሩ ቀለል ይላል። እዚያ ሻጩ ለአዲስ ዕቃ ቢያንስ የሁለት ዓመት ኃላፊነት እንዳለበት በሕግ ተደንግጓል፤ ላገለገለ ዕቃ አገሮች ጊዜውን ለማሳጠር ሊፈቅዱ ቢችሉም ከአንድ ዓመት በታች ማውረድ አይቻልም። በጀርመን ወይም በጣሊያን የሚገዛ ሰው ሻጩ በገጹ ላይ ምንም ቢጽፍ ይህን መብት ይዞ ይገዛል። በአሜሪካ ግን የዋስትናውን ዘመን የሚወስን የፌዴራል ሕግ ስለሌለ ገዢው የሚተማመነው በአብዛኛው ሻጩ በጻፈው ላይ ነው።

ከውጭ አገር ተገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ስልክ የራሱ የሆነ ችግር አለው። አፕል ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ መደብር የለውም፤ በዋስትና ውሉም አገልግሎቱን ስልኩ በተሸጠበት አገር ሊወስን እንደሚችል አስፍሯል። የነጋዴው ዋስትና ደግሞ ስልኩ ተመልሶ እንዲላክለት ይፈልጋል። በተግባር የሚሆነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ስልኩ በቅናሽ ወቅት ይገዛል፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ካርቶኑ ሳይከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አዲስ አበባ ደርሶ ሲከፈት የመመለሻው ጊዜ አልፏል። የ90 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ስልኩ ለገዢው ከደረሰበት ቀን እንጂ ከተከፈተበት ቀን አይደለም። ስለዚህ የሚላክ ስልክ በደረሰ ዕለት ተከፍቶ ሊመረመርና ቢያንስ አንድ ሳምንት አገልግሎት ላይ ሊውል ይገባል። ስጦታው በካርቶኑ እንደታሸገ ባይደርስ ይቀራል፤ ጉድለት ያለበት ስልክ ከመላክ ይሻላል።

አዲሱንና የታደሰውን በእርግጥ የሚለያየው ባትሪው ነው። የስልክ ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር ጥቂት በጥቂት የመያዝ አቅሙን ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በውስጡ ያለው ኬሚካል የሚያረጅበት መንገድ ነው። መጠኑ የሚለካው በሙሉ ዑደት ነው፤ አንድ ዑደት ማለት በድምሩ መቶ በመቶ የሚሆን ኃይል መጠቀም ነው። ዛሬ ግማሹ ነገ ግማሹ ቢያልቅ ሁለቱ ቀን ተደምሮ አንድ ዑደት ይሆናል። አፕል እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች ከ500 ዑደት በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ያሉት ደግሞ ከ1000 ዑደት በኋላ ይህንኑ እንዲይዙ ሆነው እንደተሠሩ ይገልጻል። በአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች ከ800 ዑደት በኋላ 80 በመቶ እንዲይዙ ግዴታ ሆኗል።

80 በመቶ እንደ ወሰን የተያዘበት ምክንያት አለ። ያረጀ ባትሪ የሚይዘው ኃይል ማነሱ ብቻ ሳይሆን ስልኩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቀው ማቅረብም ያቅተዋል። ካሜራ ሲከፈት ወይም ከባድ ጨዋታ ሲጀመር 30 በመቶ የሚያሳይ ስልክ ድርግም ብሎ የሚጠፋው በዚህ ነው። አፕል ይህን ለመከላከል በ2017 እ.ኤ.አ. ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት የሚቀንስ አሠራር አስገብቶ ነበር፤ ለተጠቃሚዎች በግልጽ ባለመናገሩ ግን ብርቱ ቁጣ ተነሳበት። በዓመቱ ማብቂያ ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የባትሪውን አቅም በመቶኛ የሚያሳየውን Battery Health የተባለ ገጽ ጨመረ። ዛሬ የታደሰ ስልክ የሚገዛ ሰው ዋና መመርመሪያ ያ ገጽ ነው።

ነጋዴዎች የሚሰጡት ቃልም በዚሁ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። የአማዞን ተራ ሪኒውድ ባትሪው ከአዲስ ባትሪ አቅም ቢያንስ 80 በመቶ፣ ፕሪሚየሙ ደግሞ ቢያንስ 90 በመቶ እንደሚይዝ ይገልጻል። ይህ ቃል ግን ስልኩ በሚሸጥበት ቀን ያለውን አቅም የሚመለከት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ገዢው ራሱ ማስላት አለበት፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። 500 ዑደት 20 በመቶ የሚቀንስ ከሆነ አንድ በመቶ ለመቀነስ በግምት 25 ዑደት ይፈጃል። በ84 በመቶ የተገዛ አይፎን 13 በቀን አንድ ዑደት ቢጠቀም 80 በመቶ ላይ ለመድረስ 100 ቀን ያህል ይበቃዋል። የ90 ቀኑ ዋስትና ያኔ ካለቀ አሥር ቀን ሆኖታል። እርጅና እንዲህ በቀጥታ መስመር ባይሄድም፣ ሙቀት ሲበዛም ቢፈጥንም፣ ግምቱ ለውሳኔ ይበቃል፦ 80ዎቹ ውስጥ ያለ ባትሪ በዓመቱ ውስጥ እንደሚቀየር ተቆጥሮ መገዛት አለበት።

ከ84 ይልቅ 100 በመቶ የሚል ባትሪ ደስ ቢያሰኝም እሱም ጥያቄ ያስነሳል። የብዙ ዓመት ስልክ 100 በመቶ ካሳየ ባትሪው ተቀይሯል ማለት ነው፤ የተቀየረው በምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ያስፈልጋል። ከአይፎን 12 ወዲህ ባሉት ስልኮች አንድ አካል ተቀይሮ ከሆነ About በሚለው ገጽ Parts and Service History የሚል ክፍል ይወጣል። እዚያ Genuine ከተባለ ክፍሉ የአፕል ነው፤ Unknown ከተባለ ኦርጅናል አይደለም፣ ወይም በትክክል አልተገጠመም። ከሌላ አምራች የመጣ ባትሪ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የሚያሳየውን መቶኛ እንደ አፕሉ ማመን አይቻልም። በአይፎን 15ና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ ምርመራው ይቀላል፤ የዑደቱ ብዛት፣ ባትሪው የተሠራበትና መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለበት ጊዜ ጭምር ይታያል። በሳምሰንግ ስልኮች Samsung Members በተባለው መተግበሪያ የባትሪው ሁኔታ ይመረመራል፤ የሚሰጠው መልስ ግን ደህና ወይም ደካማ ነው የሚል እንጂ ትክክለኛ መቶኛ አይደለም። በዚህ ምክንያት ያደሰውን ሰው ማንነት ማጣራት ለሳምሰንግ ገዢ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ስልኩ እጅ ከመግባቱ በፊት ስለ አዳሹ ሊታወቅ የሚችለው ገዢዎች ከሰጡት ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ቀድሞ መለየት ያለበት የዕቃው ኮከብና የሻጩ ኮከብ ናቸው። አማዞን ላይ በአንድ የታደሰ ስልክ ገጽ ሥር ብዙ ሻጮች ይደረደራሉ፤ ከስልኩ ሥዕል አጠገብ የሚታየው 4.2 ኮከብ ከሁሉም የገዙ ሰዎች የሰጡት ነው። ስልኩን የሚልከው ሻጭ ስም Sold by ከሚለው ቃል ቀጥሎ ይገኛል። ስሙ ሲነካ የእሱ ብቻ የሆነ ደረጃ፣ ባለፉት 30 ቀናት፣ በ90 ቀናትና በ12 ወራት ተከፍሎ ይወጣል። መነበብ ያለበት ይህ ነው። በዓመቱ 95 በመቶ ጥሩ የተባለ ሻጭ ባለፈው ወር ወደ 80 ወርዶ ከሆነ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ምናልባት ዝቅተኛ ጥራት ያላቸው ቀፎዎች በብዛት ገዝቶ ይሆናል።

የአስተያየቱ ብዛት ከመቶኛው ያላነሰ ክብደት አለው። በ12 ሰዎች መቶ በመቶ የተመሰገነ ሻጭ በ8,000 ሰዎች 97 በመቶ ከተመሰገነው ይበልጣል ማለት አይደለም። በስታቲስቲክስ የታወቀ ቀላል መለኪያ አለ፤ አንድም ቅሬታ ካልተገኘ ሦስትን ለአስተያየቱ ቁጥር ማካፈል የችግሩን የላይኛ ወሰን በግምት ይሰጣል። ሦስት ለ12 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። ስለዚህ 12 የተደሰቱ ሰዎች የሚያረጋግጡት ቢኖር ከአራት ገዢዎች ከአንድ በላይ እንደማይከፋ ብቻ ነው። ባለ 8,000ው ሻጭ ግን ችግሩ ሦስት በመቶ አካባቢ እንደሆነ በግልጽ ታውቋል፤ የሚታወቅ ጉድለት ከማይታወቅ ፍጽምና ይመረጣል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ መነበብ ያለባቸው የሁለትና የሦስት ኮከብ አስተያየቶች ናቸው፤ ባለ አምስቱ ብዙ ጊዜ ስልኩ በተከፈተ ዕለት ስለሚጻፍ ስለ ባትሪ ምንም አይናገርም። «ከሁለት ወር በኋላ ከቀትር በፊት ያልቃል» ወይም «ስክሪኑ ኦርጅናል አይደለም የሚል መልእክት ያወጣል» የሚሉ ቅሬታዎች ከተለያዩ ሰዎች ከተደጋገሙ ስለ አዳሹ የሥራ ልማድ ይመሰክራሉ። መዘግየትን ወይም የተቀጠቀጠ ካርቶንን የሚመለከት ቅሬታ ከዚህ ጋር መቆጠር የለበትም። የሐሰት አስተያየት መኖሩም መዘንጋት የለበትም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል፤ ይህ የተደረገው ችግሩ ሰፊ በመሆኑ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ የጎረፉ፣ በአንድ ዓይነት አጫጭር ቃላት የተጻፉ ምስጋናዎችን ከሒሳብ ማውጣት ይሻላል።

አሁን ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። በ2026 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ ያለች እህት አዲስ አበባ ላለ ወንድሟ አይፎን ልትልክ አስባለች እንበል። አንደኛው ምርጫ የታደሰ አይፎን 13 ነው፤ ለሒሳብ እንዲያመች ዋጋው 300 ዶላር ይሁን። ሁለተኛው አዲስ አይፎን 16ኢ ሲሆን በ2025 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 599 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 300 ዶላር ገደማ ስለሆነ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን የታደሰው ባትሪ 84 በመቶ ከሆነ መቀየሩ አይቀርም፤ አፕል አሜሪካ ውስጥ የአይፎን 13ን ባትሪ የሚቀይረው በ89 ዶላር ነው። ድምሩ 389 ይሆናል። አይፎን 13 የወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በ2018 የወጡት አይፎኖች አዲስ የሶፍትዌር ዕድሳት ማግኘት ያቆሙት በ2025 እንደመሆኑ፣ በዚሁ ልማድ ከተሄደ አይፎን 13 እስከ 2028 ይዘልቃል። 389 ለሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 130 ዶላር ገደማ ነው። አዲሱ ስልክ በዘመኑ መካከል አንድ ጊዜ በ100 ዶላር ገደማ ባትሪ ቢቀየርለት እንኳ 699 ይሆናል፤ ለስድስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 117 ዶላር ያህል ይወጣል።

እንግዲህ ስልኩን እስኪያረጅ ለሚይዝ ሰው አዲሱ በትንሹ ይረክሳል። በሁለትና በሦስት ዓመት ለሚቀይር፣ ወይም ዛሬ 600 ዶላር ለሌለው ሰው ደግሞ የታደሰው ያዋጣል። ለዚህች እህት ግን ከሒሳቡ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አይፎኖች ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም ብቻ ነው። አይፎን 16ኢም እንደዚያው ነው። የአሜሪካው አይፎን 13 ግን ካርድ ማስገቢያ አለው፤ ወንድሟ እጁ ላይ ያለውን ሲም አውጥቶ ይከተዋል። ኢሲም ለመጠቀም የሚችልበት አገልግሎት ከሌለው ወይም ሲሙን በየጊዜው ወደ ሌላ ስልክ የሚያዘዋውር ከሆነ የቆየው ስልክ ይመቸዋል። ያኔ ትክክለኛው እርምጃ አይፎን 13ን ገዝቶ፣ ባትሪውን እዚያው አሜሪካ አስቀይሮ መላክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ጠጋኞች ቢኖሩም ኦርጅናል ባትሪ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው።

ስልኩ ሲደርስ የሚደረገው ምርመራ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር About ላይ ካለውና ደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። እዚያው ገጽ ላይ Carrier Lock በሚለው ትይዩ No SIM restrictions ካልተባለ ስልኩ በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ተቆልፏል፤ በኢትዮጵያ ሲም አይሠራም፤ ስለዚህ ወዲያው መመለስ አለበት። Settings ሲከፈት ከላይ ስልኩ በአንድ ድርጅት እንደሚተዳደር የሚናገር ጽሑፍ ከታየ የመሥሪያ ቤት ስልክ ሳይለቀቅ ተሸጧል፤ ድርጅቱ በማንኛውም ቀን ከርቀት ሊቆልፈው ይችላል። የቀድሞ ባለቤት አካውንት እንዲገባ የሚጠይቅ ስልክም ያለዚያ ሰው ፈቃድ አይከፈትም።

በመጀመሪያው ቀን የማይታይ አንድ ችግር አለ። በአሜሪካ ብዙ ስልኮች በየወሩ ክፍያ ይገዛሉ፤ የቀድሞው ባለቤት ስልኩን ሸጦ ክፍያውን ካቋረጠ ኩባንያው ቁጥሩን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል፤ ስልኩም ከኔትወርክ ይታገዳል። ይህ ከሽያጩ ሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በደረሰ ዕለት ብቻ ሳይሆን የመመለሻው ጊዜ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረውም እንደገና ማጣራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከአምራቹ በአዲስነት የተገዛ ስልክ ይህ ስጋት የለበትም፤ የዋጋው ልዩነት ከፊሉ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው። ውኃ መከላከልንም በተመለከተ የታደሰ ስልክ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የተዘጋ ስለሆነ ማሸጊያው እንደ ፋብሪካው መሆኑን በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ሲገዛ ውኃ እንደማይችል ተቆጥሮ መያዝ አለበት።